ፈተናው አራት ቀን ሲቀረው፦ በሕመም ወይም በቤተሰብ ችግር የተበላ ፕሮግራምን እንዴት እናስተካክል?

የ14 ቀን የጥናት ፕሮግራም አውጥታችኋል። አምስቱን ቀን በደንብ ሄዳችሁበት። ከዚያ ትኩሳት ያዛችሁ፣ ወይም ከቤት ሰው ታመመና ሆስፒታል ስትመላለሱ አምስት ቀን አለፈ። አሁን ቀና ስትሉ የቀረው አራት ቀን ብቻ ነው።

አብዛኛው ሰው በዚህ ሰዓት የሚያደርገውን አውቃለሁ። ያመለጡትን አምስት ቀናት ሥራ አራቱ ቀናት ላይ ይጭናል። በቀን አራት ሰዓት የነበረው ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ሰዓት አጥንቶ ይደክማል፣ በሁለተኛው ቀን ፕሮግራሙን እንደገና ሲጽፍ ይውላል፣ በሦስተኛው ሌሊቱን ሳይተኛ ያድራል። ተማሪዎችን ሳስጠና ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ሁልጊዜም ያሳዝነኛል። ልጆቹ ሰንፈው አይደለም። የያዙት ፕሮግራም ለጤነኛ ሰውና ለ14 ቀን የተሠራ ነው፤ ለደከመ ሰውና ለአራት ቀን አይሆንም።

ስለዚህ የጠፋው ቀን ጠፍቷል ብለን እንነሳ። ጥያቄው "ያመለጠኝን እንዴት ልድረስበት?" ከሆነ መልስ የለውም። "በቀሩኝ ሰዓታት ብዙ ማርክ የሚያስገኝልኝ የቱ ነው?" ከሆነ ግን መልስ አለው። አንዲት የማስጠናት ልጅ የባዮሎጂ ፈተና አራት ቀን ሲቀራት እንዲህ ሆና ነበር። ከዚህ በታች የእሷን አራት ቀን ተከትለን እንሂድ።

1. መጀመሪያ፦ መፈተን አለብኝ ወይስ ማራዘም?

ይህን ጥያቄ መጽሐፍ ከመክፈታችሁ በፊት ጨርሱት። ብዙ ተቋማት በሕመም ወይም በሐዘን ምክንያት ፈተና የሚራዘምበት ደንብ አላቸው፤ ጥያቄው ግን ብዙ ጊዜ ከፈተናው በፊት መቅረብ አለበት። በአንዳንዶቹ ደግሞ ፈተናው ላይ ከተቀመጣችሁ "ለመፈተን ብቁ ነኝ" እንዳላችሁ ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ ታምሜ ነበር ማለት አይቻልም። ስለዚህ ደንቡን ዛሬውኑ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። የሐኪም ወረቀት ሲያስፈልግ በታመማችሁበት ቀን የተጻፈ ይሁን። ከዳናችሁ በኋላ የሚጻፍ ወረቀት ብዙ ጊዜ ተቀባይነት ያጣል።

እኔ የምለው ይህን ነው፦ ትኩሳቱ ገና ካልለቀቃችሁ፣ ወይም ከአልጋ ተነስታችሁ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ማለት ካቃታችሁ ማራዘሙን ጠይቁ። ሐዘን ላይ ሆናችሁ አንድ ገጽ አንብባችሁ ምን እንዳነበባችሁ ካላወቃችሁም እንዲሁ። ማራዘም ግን ዋጋ እንዳለው አስታውሱ። ተለዋጩ ፈተና ከሌሎች ፈተናዎች ጋር ሊደራረብ ወይም ወራት ሊቆይ ይችላል። የተለዋጩን ቀን ሳታውቁ አትወስኑ።

ልጅቷ ትኩሳቱ ከለቀቃት አንድ ቀን ሆኗት ነበር። ድካም አለ፣ ራስ ምታት ግን የለም። ልፈተን አለች።

2. ቀናትን ትታችሁ ሰዓታትን ቁጠሩ

"አራት ቀን አለኝ" ማለት ብዙም አይናገርም። ስንት የጥናት ሰዓት አለኝ የሚለው ነው የሚጠቅመው። ከሕመም የተነሳ ሰው ደግሞ የመጀመሪያ ቀኑና የሦስተኛ ቀኑ እኩል አይደሉም። ልጅቷ ከመታመሟ በፊት በቀን አራት ሰዓት ታጠና ነበር። አሁን እንዲህ ቆጠርን፦ የመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሁለተኛው ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሦስተኛው ሦስት ሰዓት ተኩል፣ የዋዜማው ቀን ሦስት ሰዓት። ድምሩ 10 ሰዓት ተኩል ሆነ።

ከዚህ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ባዶ ተውን። ባዶውን ሰዓት ማንም አይወደውም። "ሰዓት አጥሮኝ እያለ እንዴት ባዶ እተዋለሁ?" ይላሉ። ነገር ግን ሰው ሥራውን ከሚወስደው ጊዜ አሳንሶ ይገምታል። የሥነ-ልቦና ተመራማሪዎቹ ካህነማንና ትቨርስኪ ይህን ዝንባሌ በ1979 ጽፈውበታል፤ እስከዛሬም "የዕቅድ ስህተት" በሚለው ስሙ ይታወቃል። ከሕመም የተነሳ ሰው ላይ ደግሞ ድካሙ ሊመለስ ይችላል። ባዶ ሰዓት ያልተወ ፕሮግራም በመጀመሪያው መሰናክል ይፈርሳል።

ቀሪው ዘጠኝ ሰዓት ነው። የድሮው ፕሮግራሟ ግን ለስድስት ያልተነኩ ምዕራፎች ሁለት ሰዓት ተኩል እያለ 15 ሰዓት ይጠይቃል። ክለሳና የድሮ ፈተና መሥራት ሲጨመርበት 25 ሰዓት ገደማ ይደርሳል። 25 ዘጠኝ ውስጥ አይገባም። እንቅልፍ ቢቆረጥም አይገባም። ይህን በወረቀት ላይ ማየቷ ራሱ አረጋጋት፤ መምረጥ ግዴታ መሆኑ ግልጽ ሆነላት።

ያቋረጣችሁ የቤተሰብ ጉዳይ ከሆነ ቆጠራው ትንሽ ይለያል። ጉልበት አላችሁ፣ ሰዓቱ ግን የእናንተ አይደለም። ስልክ ይደወላል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ተነሱ ትባላላችሁ። በዚህ ጊዜ ሰዓታችሁን ሁለት ቦታ ክፈሉት፦ ማንም የማይነካው ጸጥ ያለ ሰዓትና የተቆራረጠ ሰዓት። ከቤተሰብ አንዱን ሰው ለይታችሁ "ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት እኔን አትጥሩኝ፣ ከዚያ በኋላ ሁሉንም እሠራለሁ" በሉት። ከባዱ ሥራ ጸጥ ባለው ሰዓት ይሂድ። ጥያቄ በአንድ በኩል፣ መልስ በሌላ በኩል የተጻፈባቸው ካርዶች ደግሞ ለተቆራረጠው ሰዓት ይሆናሉ፤ መሐል ላይ ቢቋረጡ ምንም አይጎድልባቸውም።

3. ከማንበብ በፊት ራሳችሁን ፈትኑ

የመጀመሪያው ቀን ሥራ ይህ ብቻ ቢሆን በቂ ነው። አንድ የድሮ ፈተና ያዙ። ሰዓት ሳትይዙ፣ መጽሐፍ ሳትከፍቱ፣ መልሱን በአጭሩ እየጻፋችሁ እለፉ። ልጅቷ አንድ ሰዓት ፈጀባት፤ መሐል ላይ አረፍ ብላ በሁለት ከፍላ ሠራችው።

ይህ ለምን ይቅደም? ሁለት ስህተት ስለሚከለክል ነው። አንደኛው "ያጠናሁትን ሁሉ ረሳሁ" የሚለው ድንጋጤ ነው። ጀርመናዊው የሥነ-ልቦና ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው ጥናቱ ሰው በፍጥነት እንደሚረሳ አሳይቷል። በዚያው ጥናት ግን ሌላም ነገር አለ፦ የተረሳ የሚመስለውን እንደገና መማር ከመጀመሪያው ያነሰ ጊዜ ይፈጃል። በፊት ያጠናችሁት ምዕራፍ አልጠፋም፤ ትንሽ መቀስቀስ ነው የሚፈልገው። ሁለተኛው ስህተት ደግሞ የተገላቢጦሹ ነው፦ "ይሄንን ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፣ አውቀዋለሁ" ማለት። ወረቀቱ እውነቱን ይናገራል።

የልጅቷ ፈተና ከ100 ነው። ከመታመሟ በፊት ያጠናቻቸው አራት ምዕራፎች በድምሩ 36 ማርክ ይይዛሉ። አሁን 24 አገኘችባቸው። ካልነካቻቸው ስድስቱ ጄኔቲክስ 20 ማርክ ይዞ 6 አገኘች። ሥነ-ምህዳር ከ12 ሰባት፣ የደም ዝውውር ከ10 አምስት፣ ነርቭና ሆርሞን ከ10 ሁለት፣ ዝግመተ ለውጥ ከ6 ሦስት፣ የሕያዋን ምደባ ከ6 አንድ። ድምሩ 48። ከሕመሙ በኋላ ገና ምንም ሳታጠና ማለት ነው።

የማርክ ክፍፍሉን ከየት ታገኙታላችሁ? መምህሩ ወይም ሥርዓተ ትምህርቱ የሚሰጠው ዝርዝር ካለ እሱን ውሰዱ። ከሌለ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት የድሮ ፈተናዎችን አውጥታችሁ ከየምዕራፉ ስንት ማርክ እንደመጣ ቁጠሩ። ግምት ነው፤ ግን የመጽሐፉን ገጽ ብዛት ከማመን ይሻላል።

4. በሰዓት ስንት ማርክ?

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ስንት ሰዓት ብሰጠው ስንት ማርክ ይጨምርልኛል? ከዚያ የሚጨምረውን ማርክ ለሰዓቱ አካፍሉ።

እኛ እንዲህ ገመትን። አራቱን የድሮ ምዕራፎች ለመቀስቀስ ሁለት ሰዓት ብትሰጥ ከ24 ወደ 31 ትደርሳለች። ሰባት ማርክ ለሁለት ሰዓት፣ ማለትም በሰዓት ሦስት ተኩል። ጄኔቲክስ ሦስት ሰዓት ብትሰጠው ከ6 ወደ 15 ሊያደርሳት ይችላል፤ በሰዓት ሦስት። ሥነ-ምህዳርና የደም ዝውውር አንድ አንድ ሰዓት ወስደው ሦስት ሦስት ማርክ ይጨምራሉ። ዝግመተ ለውጥና ምደባ በሰዓት ሁለት ገደማ ናቸው። ነርቭና ሆርሞን ከባድ ነው፤ ሦስት ሰዓት ወስዶ አምስት ማርክ ቢጨምር ነው።

ልጅቷ መጀመሪያ ያሰበችው ካቆመችበት ለመቀጠል ነበር። በመጽሐፉ ቅደም ተከተል ቀጣዮቹ ምደባና ዝግመተ ለውጥ ናቸው። ሁለቱ አንድ ላይ 12 ማርክ ይይዛሉ፣ አራቱን ቀድሞውንም አግኝታለች። በድሮው ፕሮግራሟ አምስት ሰዓት ሰጥታቸው ፍጹም ብትሠራቸው እንኳ የምትጨምረው ስምንት ነው። ያንኑ አምስት ሰዓት ለድሮዎቹ ምዕራፎችና ለጄኔቲክስ ብትሰጥ ግን 16 ትጨምራለች። ካቆምኩበት ልቀጥል የሚለው ሐሳብ ሥርዓት ያለው ይመስላል፣ ብዙ ሰው የሚወድቅበትም እዚህ ነው።

ቁጥሮቹ ትክክል መሆን የለባቸውም። ምዕራፎቹን በቅደም ተከተል ለማስቀመጥ ብቻ ነው የምንፈልጋቸው። ከአስር ደቂቃ በላይ አትፍጁበት፤ ከዚያ ካለፈ ማቀድ ራሱ ከማጥናት ማምለጫ ሆኗል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ይህን ስሌት ይሽረዋል። አንዱ ምዕራፍ የሌላው መሠረት ከሆነ፣ ማርኩ ትንሽ ቢሆንም ይቅደም። ሒሳብና ፊዚክስ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። እኩልታ መፍታት ያልቻለ ሰው ከዚያ በላይ ባሉት ምዕራፎች ሁሉ ማርክ ያጣል። ፈተናው "ከአምስቱ ጥያቄዎች ሦስቱን ሥሩ" የሚል ከሆነ ደግሞ ምርጫው ይቀላል፤ አንዳንድ ምዕራፎችን ሙሉ በሙሉ ትታችሁ ሌሎቹን ጥልቅ ማድረግ ትችላላችሁ።

5. ምዕራፉን ራሱንም ቁረጡት

ጄኔቲክስ ሦስት ሰዓት ተሰጠው ማለት ሁሉም ይጠናል ማለት አይደለም። ከ20 ማርኩ 15 ነው ያለምነው። በድሮዎቹ ፈተናዎች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣውን ለየን፦ የአንድ ባሕርይ ውርስና 3:1 ጥምርታው፣ የፑኔት ሠንጠረዥ አሠራር፣ ከጾታ ጋር የተያያዘ ውርስ። የሁለት ባሕርያት ውርስ፣ ማለትም 9:3:3:1 የሚወጣበት፣ 16 ሳጥን መሙላት ይጠይቃል፤ ጊዜ ከተረፈ ተባለ። በአንድ ክሮሞሶም ላይ ተያይዘው የሚወረሱ ጂኖች ደግሞ ጭራሽ ቀሩ።

የተቆረጠውን በወረቀት ላይ ጻፉት። "ይህን ትቻለሁ" ብላችሁ ካልጻፋችሁት ሌሊት ላይ ይመጣባችኋል።

6. አንድ ሰዓት እንዴት ይሠራ?

ከሕመም የተነሳ ሰው ሃምሳ ደቂቃ በተከታታይ ማጥናት ይከብደዋል። በ25 ደቂቃ ከፍላችሁ መሐል ላይ አምስት ደቂቃ ከወንበር ተነሱ።

ልጅቷ የጄኔቲክስን ሰዓት እንዲህ ሠራችው። በመጀመሪያዎቹ አስር ደቂቃዎች መጽሐፍ ሳትከፍት ሁለት ጥያቄ ሞከረች። የት ላይ እንደተያዘች ምልክት አደረገች። ከዚያ 25 ደቂቃ ያነበበችው የተያዘችበትን ብቻ ነው። አረፈች። በቀሪው ጊዜ መጽሐፉን ዘግታ ሌሎች ጥያቄዎች ሠራች፣ የተሳሳተችውን በአንድ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፈች። በማግሥቱ ሌላ ነገር ከመጀመሯ በፊት ለአምስት ደቂቃ ራሷን በዚያ ብጣሽ ጠየቀች።

ደጋግሞ ማንበብ ይቀላል፣ በተለይ ሲደክማችሁ። የሥነ-ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 ባሳተሙት ሙከራ አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ የተሻለ አስታወሱ። ከሁለት ቀንና ከሳምንት በኋላ ግን የበለጠ ያስታወሱት አንዴ አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት ናቸው። የእናንተ ፈተና ከቀናት በኋላ ነው። ሲነበብ "ገብቶኛል" የሚያስብለው ስሜት እስከዚያ አይቆይም።

7. አራቱ ቀናት እንዴት ተደለደሉ?

- የመጀመሪያው ቀን፦ አንድ ሰዓት ራስን መፈተን፣ ግማሽ ሰዓት የድሮ ምዕራፎች።
- ሁለተኛው ቀን፦ ጄኔቲክስ አንድ ሰዓት ተኩል፣ የድሮ ምዕራፎች አንድ ሰዓት።
- ሦስተኛው ቀን፦ ጄኔቲክስ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሥነ-ምህዳር አንድ ሰዓት፣ የደም ዝውውር አንድ ሰዓት።
- ዋዜማ፦ የድሮ ምዕራፎች ግማሽ ሰዓት፣ ሌላ የድሮ ፈተና በሰዓት ተይዞ አንድ ሰዓት፣ ባዶ አንድ ሰዓት ተኩል።

የድሮዎቹ ምዕራፎች በሦስት ቀን የተበተኑት ሆን ተብሎ ነው። ሁለት ሰዓት በአንድ ጊዜ ከመስጠት ተከፋፍሎ ሲመጣ ይበልጥ ይያዛል። ጄኔቲክስም በሁለት ቀን የተከፈለው ለዚሁ ነው፤ መሐል ላይ እንቅልፍ ይገባበታል። እንቅልፍ የተማሩትን ማስቀመጫ ሰዓት ነው፤ ከእሱ ላይ የሚቆረጥ ሰዓት ያጠናችሁትን ይዞ ይሄዳል። ታሞ የተነሳ ሰው ላይ ደግሞ ሕመሙን መልሶ ሊጠራ ይችላል።

በሁለተኛው ቀን ልጅቷ ራሷን አመማትና የሠራችው አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ሆነ። የድሮ ምዕራፎች አንድ ሰዓት ቀረ። እዚህ ላይ ነው ባዶው ሰዓት የጠቀመው። ያመለጠው አንድ ሰዓት ወደ ዋዜማው ባዶ ቦታ ሄደ፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ቀረ። ሦስተኛውን ቀን አላጨናነቅንም። የተረፈው ግማሽ ሰዓት ላይ የምደባን ዋና ዋና ስያሜዎች በካርድ አየች።

ባዶው ሰዓት ካለቀ በኋላ ሌላ መሰናክል ቢመጣስ? ከዝርዝሩ ግርጌ ቁረጡ። በእሷ ሁኔታ ቀድሞ የሚቆረጠው የደም ዝውውር ነበር። በየምሽቱ አንድ ጊዜ ተመልከቱ፦ የዛሬውን ሁለት ሦስተኛ እንኳ ካልሠራችሁ የነገው ግምት በዝቷል፤ ዛሬውኑ አንድ ነገር አውጡለት።

8. ያልተጠናው ምዕራፍ ፈተናው ላይ ሲመጣ

ነርቭና ሆርሞን አልተጠናም። ጥያቄው ግን ይመጣል። የምታውቁትን ያህል ጻፉ፣ ባዶ አትተዉ፤ ልጅቷ ካላጠናችው ምዕራፍም ሁለት ማርክ እንደምታገኝ አይተናል። ምርጫ ያላቸው ጥያቄዎች ላይ የተሳሳተ መልስ ማርክ የሚያስቀንስ መሆኑን ቀድማችሁ አጣሩ። የማያስቀንስ ከሆነ ሁሉንም ሙሉ። ፈተናውንም ካጠናችሁት ምዕራፍ ጀምሩ፤ ጉልበታችሁ ቶሎ ሊያልቅ ስለሚችል ትልልቁን ማርክ መጀመሪያ ያዙ።

በፈተናው ጠዋት ትኩሳቱ ከተመለሰ ወይም ቤት ሌላ ነገር ከደረሰ እንደምንም ገብቼ ልሞክረው አትበሉ። ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ለፈተና ክፍሉ ደውሉ ወይም ሰው ላኩ። የደወላችሁበትን ሰዓትና ያነጋገራችሁትን ሰው ስም ጻፉ፣ በዚያው ቀን ቀኑ የተጻፈበት የሐኪም ወረቀት አውጡ።